ለማን እንዳልሆነ የሚያውቅ ምርት

ሶፍትዌር ሠርተው ገበያ ሊያወጡ የተዘጋጁ ወጣቶች ሲያማክሩኝ፣ ላፕቶፑን ከፍተው መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሠንጠረዥ ነው። ከላይ ወደ ታች የፊቸር ዝርዝር ተደርድሯል። በአንዱ ዓምድ የእነሱ ምርት አለ፣ በሌላው ገበያውን የያዘው ትልቁ ተፎካካሪ። በእነሱ ዓምድ ባዶ የቀሩ ሳጥኖች አሉና "እነዚህን በስድስት ወር ብንሞላ እኩል እንሆናለን፤ ዋጋችን ደግሞ ከእሱ ያነሰ ነው" ይላሉ። ሠንጠረዡ የተለፋበት ነው። ግን ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ገዢው የት አለ? እነዚህን ሳጥኖች አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚወስነው ሰው ማን ነው?

ትልቁ ተፎካካሪ በእነዚያ ስድስት ወራት እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ ያ ግልጽ ነው። የሚገርመው ግን ሁለቱ በእርግጥ እኩል ቢሆኑ እንኳ ገዢው የሚመርጠው የሚያውቀውን መሆኑ ነው። የሱቁን ሒሳብ ወይም የደንበኞቹን ዝርዝር ለሶፍትዌር አምኖ የሚያስረክብ ሰው፣ "እንደ እነሱ ነን፣ ግን ርካሽ ነን" ሲባል መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ "ነገ ቢዘጉስ?" የሚል ነው።

ለዚህ ጉዳይ ደጋግሜ የምመለስበት ምሳሌ የኮንቨርትኪት ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው "ጠባብ ገበያ መረጠ፣ አደገ" ተብሎ ነው። እንደዚያ ባጭሩ ሲነገር ዋናው ነገር ይቀራል።

29 ዶላር በነጻ ፊት

ናታን ባሪ አይዳሆ ግዛት ቦይሲ ከተማ የሚኖር ዲዛይነር ነው። ስለ ሙያው የጻፋቸውን መጻሕፍት ራሱ በኢሜይል ዝርዝሩ በኩል ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ ኮንቨርትኪት የተባለ የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት ጀመረ፤ በስድስት ወር ውስጥ የወር ገቢውን 5,000 ዶላር አደርሳለሁ ብሎም በአደባባይ ተናገረ። አልሆነለትም። ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ደርሶ ቆመ፣ ከዚያ እየተንሸራተተ ወደ 1,300 ገደማ ወረደ። ሂተን ሻህ የተባለ፣ በርካታ የሶፍትዌር ድርጅቶችን የመሠረተ ሰው፣ ወይ ዝጋው ወይ የምርህን ያዘው ብሎ መከረው። ባሪ ከብዙ ማመንታት በኋላ ከቁጠባው 50,000 ዶላር አውጥቶ ሙሉ ጊዜውን ሰጠው።

ፊቱ የቆመው ሜይልቺምፕ የተባለው የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት ነበር። በ2001 አትላንታ ውስጥ የተመሠረተ፣ ከ2009 ጀምሮ ነጻ አገልግሎት የከፈተ ግዙፍ ነው። በዚያ ዘመን እስከ 2,000 ተመዝጋቢ ያለው ሰው ለሜይልቺምፕ ምንም አይከፍልም ነበር። ኮንቨርትኪት ደግሞ ለ1,000 ተመዝጋቢ በወር 29 ዶላር ያስከፍል ነበር፣ ነጻ መነሻም አልነበረውም። በሚያማምሩ የኢሜይል ንድፎችም ቢሆን ከሜይልቺምፕ አይወዳደርም ነበር። በሠንጠረዡ ሒሳብ ከሄድን ነገሩ ገና ሳይጀመር አልቋል።

ባሪ ዋጋውን አልቀነሰም፣ ንድፍ ለመጨመርም አልሮጠም። ምርቱን ለሙያተኛ ብሎገሮች ብቻ አደረገው፦ በጽሑፋቸው ተነስተው መጽሐፍና ኮርስ እየሸጡ ለሚኖሩ ሰዎች። በ2015 መጨረሻ የወር ገቢው ወደ 100 ሺህ ዶላር ተጠግቶ ነበር። በድረ ገጹ ላይ "ለብሎገሮች" የሚል ቃል መለጠፉ ብቻ ይህን አያመጣም። ቃሉን ከሚለጥፉት መካከል ብዙዎቹ ምንም አያገኙበትም፤ ከሥሩ ያለው ምርት ያው ለሁሉም የተሠራው ነውና።

አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሲቆጠር

የምግብ አሠራር የምትጽፍ አንዲት ብሎገር እናስብ። ገጿ ላይ ሦስት የነጻ ስጦታዎች አሏት፦ የጾም ምግቦች ዝርዝር፣ የሳምንት የገበያ ማስታወሻ፣ የዳቦ መጋገሪያ መመሪያ። አንባቢ ኢሜይሉን ሲያስገባ ስጦታው ይላክለታል። በጊዜው በነበረው የሜይልቺምፕ አሠራር የመመዝገቢያ ቅጹም፣ ከምዝገባ በኋላ የሚሄደው የማረጋገጫ መልእክትም የሚታሰሩት "ሊስት" ከሚባለው ራሱን ከቻለ የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ጋር ነበር። ስለዚህ ለሦስት ስጦታ ሦስት የተለያየ መልእክት መላክ የፈለገ ሰው የሚቀናው መንገድ ሦስት ሊስት መክፈት ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያው ሊስት 4,000፣ በሁለተኛው 2,500፣ በሦስተኛው 1,500 ሰው አለ እንበል። ድምሩ 8,000 ይሆናል፤ ሒሳብ የሚጠየቀውም በዚህ ነው። ግን የዳቦውን መመሪያ የወሰደ ሰው የጾሙንም ወስዷል። በእርግጥ ያሉት ሰዎች 5,000 ብቻ ናቸው እንበል። ብሎገሯ ለሌሉ 3,000 ሰዎች ትከፍላለች።

ገንዘቡ ቀላሉ ጉዳት ነው። መጽሐፏን ስታወጣ ለሁሉም የሽያጭ ኢሜይል ትልካለች። ትናንት መጽሐፉን የገዛው ሰው በአንዱ ሊስት "ገዝቷል" ተብሎ ተመዝግቧል፣ በሌሎቹ ሁለት ግን እንዳልገዛ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ዛሬም "ግዛ" የሚል ኢሜይል ይደርሰዋል፣ ምናልባትም ሁለት ጊዜ። ለሱቅ ይህ ትንሽ ስሕተት ነው። በስሟና በአንባቢዎቿ እምነት ለምትኖር ጸሐፊ ግን አንባቢው "ይቺ ሴት አታውቀኝም እንዴ?" የሚልበት ጊዜ ነው።

ኮንቨርትኪት መሠረቱን ገለበጠው። አንድ ሰው አንድ መዝገብ ነው፤ በየትኛው ቅጽ እንደገባ፣ ምን እንደወሰደ፣ ምን እንደገዛ በመዝገቡ ላይ እንደ ምልክት ይለጠፋል። ቅጹ ከሊስት ጋር ስላልታሰረ እያንዳንዱ ቅጽ የራሱን ስጦታ መላክ ይችላል። የማረጋገጫ ኢሜይሉ ራሱ የስጦታው መውሰጃ ሆነ፦ አንባቢው ማስፈንጠሪያውን ሲጫን ምዝገባውም ይረጋገጣል፣ ፋይሉም ይወርድለታል። ብሎገሯ ለሽያጭ ስትልክ "የገዙትን ተዋቸው" ብላ አንድ ምልክት ትመርጣለች፣ በቃ።

በሜይልቺምፕም ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው ሁሉንም በአንድ ሊስት አስገብቶ በቡድን መከፋፈል ይቻል ነበር። ነገሩ ይቻላል፣ ግን ተጠቃሚው ከመሣሪያው ጋር እየታገለ ነው የሚያደርገው።

ታዲያ ግዙፉ ለምን ያን ጊዜውኑ አልቀዳውም? እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ከደንበኞቹ መካከል እጅግ ብዙዎቹ አንድ ሊስት ያላቸው ሱቆችና ድርጅቶች ናቸው፤ ሊስት ለእነሱ ምቹ ነው፣ ቀላልም ነው። በሊስቱ ላይ የተገነቡ ግንኙነቶች፣ ሪፖርቶች፣ የዋጋ አወጣጥ አሉ። ያንን አፍርሶ መሥራት ማለት ቅሬታ የሌለውን ብዙኃን ለጥቂት ብሎገሮች ሲባል ማስቸገር ነው፤ ገቢም ያስቀንሳል። ሜይልቺምፕ ከዓመታት በኋላ ምልክት መለጠፊያውን ጨመረ፤ የሊስቱን መሠረት ግን አልነቀለም። ጠባብ ተጠቃሚ መምረጥ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፦ ትልቁ የራሱን ሰዎች ሳያስከፋ ሊከተለው የማይችል ምርጫ ማድረግ ሲያስችል። ይህ ከሌለ ጥበቱ ገበያን መቀነስ ብቻ ነው የሚሆነው።

ስሙን በእጅ የምትጽፈው ገበያ

"አንድ ቡድን ላይ ብቻ ተደግፎ ቢወድቅስ?" የሚለው ስጋት ሁሌም ይነሳል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚሉትም እነዚያው አባቶች ናቸው። ሁለቱ የሚታረቁት በጊዜ ይመስለኛል፦ ባላው የሚተከለው ገቢ ከመጣ በኋላ ነው፣ ዛፉ ላይ እየወጡ ሳለ አይደለም።

ጠባብ የሆነ ገበያና ጠባብ የሚመስል ገበያ ግን ይለያያሉ። "ለአነስተኛ ነጋዴዎች" የሚለው ጠባብ አይደለም፤ የጸጉር ቤትና የብረት ሱቅ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ትንሽ ነው። ከሁሉ የምመርጠው መለኪያ ቀላል ነው፦ ወረቀት ወስደህ የሃምሳ ገዢዎችን ስምና ስልክ በአንድ ቀን መጻፍ ትችላለህ? ካልቻልክ ተጠቃሚህን ገና አልመረጥክም። ባሪ ማድረግ የቻለው ይህን ነው። ብሎገሮች ስማቸውን ገጻቸው ላይ ጽፈዋል፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሚልኩም ከመመዝገቢያ ቅጻቸው ይታያል። አንድ በአንድ እየጻፈ አሁን በሚጠቀሙበት ነገር ምን እንደሚያስቸግራቸው ይጠይቃቸው ነበር።

መልሶቹ ሲጠራቀሙ ሌላ ጥቅም ታየ። የሚያመነቱበት ምክንያት ተመሳሳይ ነበር፦ "ወድጄዋለሁ፣ ግን ማዛወሩ ብዙ ሥራ ነው።" ለሁሉም ሰው የሚሸጥ ድርጅት ሠላሳ ዓይነት ሰበብ ይሰማል፣ ለሠላሳውም መልስ የለውም። ለአንድ ዓይነት ሰው የሚሸጥ ግን ያንኑ ሰበብ ደጋግሞ ይሰማልና አንዴ ይፈታዋል። የኮንቨርትኪት መልስ "እኛ በነጻ እናዛውርልሃለን" የሚል ነበር። ቅጾቹን፣ ተከታታይ ኢሜይሎቹን፣ ተመዝጋቢዎቹን ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ያዛውር ነበር። አድካሚ ነው፣ በወር 29 ዶላር ለሚከፍል ሰው ኪሳራ ይመስላል። ግን እያዛወሩ ሳለ የደንበኛው አሮጌ አካውንት ውስጥ ይገባሉ፣ የት የት እንደተቸገረ በዓይናቸው ያያሉ። ይህን በየትኛውም መጠይቅ አታገኘውም።

ብሎገሮች ደግሞ እርስ በርስ ይነባበባሉ። ደንበኛ ላመጣ ሰው ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ በየወሩ መስጠት ሲጀመር ወሬው በራሱ መንገድ ሄደ፤ ፓት ፍሊንን የመሰሉ ብዙ ተከታይ ያላቸው ሰዎች ሲገቡ ሌሎቹ ተከተሉ። አባላቱ የማይነጋገሩበት ገበያ ከሆነ እያንዳንዱ ሽያጭ ከዜሮ ይጀምራል፤ ያኔ ጥበቱ ክፉኛ ይጎዳል።

መድኃኒት ቤት ቢሆንስ

ወደ እኛ እናምጣው። አዲስ አበባ ላይ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ ሦስት ሰው ያለው ቡድን አለ እንበል። ተፎካካሪው ሁሉም ሒሳብ ሠራተኛ የሚያውቀው አጠቃላይ የሒሳብና የዕቃ ፕሮግራም ነው። ቡድኑ የሚያነጣጥረው በግል መድኃኒት ቤቶች ላይ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚሄዱት ስለ ፊቸር ለመጠየቅ አይደለም፤ መድኃኒት ቤቱ አሁን የሚጠቀምበትን ኮምፒውተር ለማየት ነው። የሚፈልጉት ሰው ፕሮግራሙን እያታለለ የሚሠራበትን ቦታ ነው። እና ያገኙታል፦ አሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ስም ተመዝግቧል። አንዱ "አሞክሲሲሊን"፣ አንዱ "አሞክሲሲሊን አዲስ"፣ ሌላው "አሞክሲሲሊን 2"። አጠቃላዩ ፕሮግራም ለአንድ ዕቃ አንድ የማብቂያ ቀን ብቻ ይይዛልና፣ አዲስ ባች፣ ማለትም አብሮ የተመረተና አንድ የማብቂያ ቀን ያለው ስብስብ፣ በገባ ቁጥር የአሮጌው ቀን እንዳይጠፋ ፋርማሲስቷ አዲስ ስም ትፈጥራለች። ያቺ ብሎገር ሦስት ሊስት የከፈተችው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ለመድኃኒት ቤት ትክክለኛው መሠረት እንግዲህ ዕቃ፣ ከሥሩ ባች፣ በየባቹ የማብቂያ ቀንና ብዛት ነው። ምን እንደሚያመጣ በቁጥር እንየው። ሁለት ወር የቀረው ባች 40 ስትሪፕ፣ ዘጠኝ ወር የቀረው 100፣ ሃያ ወር የቀረው 60 አለ። አጠቃላዩ ፕሮግራም "200 አለህ" ብሎ ዝም ይላል። መድኃኒት ቤቱ በወር 15 ስትሪፕ የሚሸጥ ከሆነ ግን፣ የቅርቡን አስቀድሞ ቢሸጥ እንኳ በሁለት ወር 30 ብቻ ይወጣል፤ 10 ስትሪፕ ይበላሻል። የሚቀጥለው ባች 100 ደግሞ በቀሩት ሰባት ወራት 105 ስለሚሸጥ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ስክሪኑ ላይ መውጣት ያለበት "10 ስትሪፕ አያልቅም" የሚል አንድ መስመር ነው፤ አከፋፋዩ የሚመልስ ከሆነ አሁኑኑ እንዲመለስ፣ ካልሆነም የሚቀጥለው ግዢ እንዲቀነስ። ይህን መስመር ለብረት ሱቅ ብታሳየው ምን እንደሆነ አይገባውም። ለፋርማሲስቷ ግን የመግዣ ምክንያት ነው።

አሁን የሚበላሸው ቦታ ይመጣል። 60 መስመር ያለው የግዢ ደረሰኝ ሲገባ ለእያንዳንዱ ባች ቁጥርና ቀን መጻፍ አሰልቺ ነው፤ ሠራተኛው ይሰለቻል፣ ሁሉንም አንድ ቀን ሰጥቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ስሌቱ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ጊዜው መዋል ያለበት በዚህች ስክሪን ላይ ነው፦ ማውዝ ሳይነካ በቁልፍ ብቻ የሚሄድ፣ ቀኑን ወርና ዓመት በአራት አኃዝ የሚቀበል፣ የተደገመ ቀን በተከታታይ ሲገባ የሚጠይቅ። ሽያጭ ላይም ፕሮግራሙ ከአሮጌው ባች ሲቀንስ ሻጩ ከመደርደሪያው እጁ የደረሰበትን ያነሳል። በወሩ መጨረሻ መዝገቡና መደርደሪያው ይለያያሉ። መፍትሔው የሚሸጠውን ባች ማብቂያ ቀን በትልቁ ማሳየት፣ ሌላ ከተነሳ በአንድ ንክኪ ማስለወጥ፣ በየወሩም ሁሉንም ዕቃ ሳይሆን ማብቂያቸው የቀረቡትን ብቻ ማስቆጠር ነው።

ባች የሚያውቁ ትልልቅ ፕሮግራሞች የሉም ማለቴ አይደለም፣ አሉ። ግን ያንን ለማብራት አማካሪ ይጠራል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ አንድ ፋርማሲስትና ሁለት ሻጭ ላለው ቤት የማይሆን ዋጋ ይጠየቃል። ከላይም ከታችም ተፎካካሪ አለ፣ መሐሉ ግን ባዶ ነው።

እምቢ የሚባልባቸው ቀኖች

ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመልካም ዜና መልክ ነው። ስምንት መድኃኒት ቤት ከገባ በኋላ አንድ ሆቴል ይደውላል፦ "የወጥ ቤት ዕቃ መቆጣጠሪያ ጨምሩልን፣ የዓመቱን በአንዴ እንከፍላለን።" ገንዘቡ የስምንቱን ያህል ነው። ቡድኑ ይቀበላል። ሆቴሉ ግራምና ሊትር፣ የምግብ አሠራር፣ የብክነት ሪፖርት ይፈልጋል፤ ሦስቱም ሰዎች ለወራት በእሱ ይያዛሉ። ፋርማሲስቷ የጠየቀችው የአራት አኃዝ ቀን ይዘገያል። በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ግማሽ ምርት ይኖራቸዋል፣ ሁለቱም በሠንጠረዥ የሚሸነፉ።

መንሸራተቱ የሚታወቀው ደንበኞች የሚጠይቁትን በመቁጠር ነው። የመጨረሻዎቹን ሃያ ጥያቄዎች አንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸው። አሥራ ሁለቱ በሦስት አራት ነገሮች ዙሪያ ከተሰበሰቡ ተጠቃሚው አንድ ነው። ሃያውም ሃያ ዓይነት ከሆኑ፣ በስም መድኃኒት ቤት ብትሉትም የምትሸጡት ለሁሉም ሰው ነው። ሽያጭ የቀረበትን ምክንያትም ለዩት። "ይህ የለውም" ያለው ሰው ከመረጣችሁት ወገን ካልሆነ፣ መሄዱን መዝግባችሁ እለፉት። ከወገናችሁ ሆኖ ከሄደ ግን የዚያ ሳምንት ሥራችሁ እሱ ነው። ኮንቨርትኪት የኢሜይል ንድፍ የለህም ተብሎ ለዓመታት ሲተች ቆይቷል። ትችቱ እውነት ነበር፤ ተራ ጽሑፍ ለሚልኩ ጸሐፊዎች ግን ብዙም የማይጎድል ነገር ነበር።

ያልተመለሰ የሚመስለኝ አንድ አደጋ አለ፤ ወገኑ የመክፈል አቅም ከሌለው ይህ ሁሉ አይሠራም። ባሪ "ሙያተኛ" የምትለውን ቃል የጨመረው ያለ ነገር አይደለም፤ ለመዝናናት የሚጽፍ ሰው ነጻውን ትቶ 29 ዶላር አይከፍልም፣ በኢሜይሉ ገቢ የሚያገኝ ግን ይከፍላል። በመድኃኒት ቤቱ ምሳሌ መለኪያው በወር የሚጣለው መድኃኒት ዋጋ ነው። ፕሮግራሙ የሚያድነው ከሚያስከፍለው ሦስት አራት እጥፍ ካልሆነ ባለቤቱ በሁለተኛው ዓመት አያድስም።

መስፋቱስ መቼ ነው? ኮንቨርትኪት ከብሎገሮች ወደ ፈጠራ ሠሪዎች ሁሉ ሰፋ፣ ፖድካስት ወደሚያዘጋጁትና ወደ ሙዚቀኞችም ሄደ፤ በ2024 ስሙን ወደ ኪት አሳጠረ። ሁሉም በስማቸው ለተከታዮቻቸው የሚሸጡ ናቸው፣ አንድ ሰው አንድ መዝገብ የሚለው መሠረት ሳይነካ ያገለግላቸዋል። በዚሁ መንገድ ከመድኃኒት ቤት ቀጥሎ የሚመጣው ሱፐርማርኬት ሳይሆን የመድኃኒት አከፋፋይ ነው። ባቹም ማብቂያ ቀኑም እዚያው አለ፤ የሚጨመረው የዱቤ ሽያጭና የተመላሽ ዕቃ መቀበያ ነው። አከፋፋዩ ደግሞ የሚሸጠው አስቀድመው ለያዟቸው መድኃኒት ቤቶች ስለሆነ፣ ደረሰኙ ባች ቁጥሩን ይዞ በቀጥታ ከገባ ያ አሰልቺ የ60 መስመር ጽሑፍ ጭራሹኑ ይቀራል።